ስድስት ቀጠሮ ለተሰበረ እጅ፦ ለሜዲኬርና ሜዲኬይድ አገልግሎቶች ማዕከል አስተዳዳሪ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የማዕከሉ አስተዳዳሪ፤

በሜሪላንድ በአንድ አነስተኛ ክሊኒክ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ከታካሚዎቼ ብዙዎቹ አማርኛ ተናጋሪ አረጋውያን ናቸው። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ለመሥሪያ ቤትዎ ልኬዋለሁ፤ በአማርኛ የማወጣው ደግሞ ነገሩ በኪሳቸውም በእጃቸውም የደረሰባቸው ሰዎች ስለ ምን እንደምከራከር እንዲያውቁ ብዬ ነው።

የምጽፈው ስለ አንዲት የ71 ዓመት እናት ነው። ስማቸውን ሳልጠቅስ ታሪኩን እንዳወጣው ፈቅደውልኛል። በ2025 ክረምት በረዶ አንሸራቷቸው፣ በቀኝ እጃቸው መሬት ተደግፈው ሲወድቁ የእጅ አንጓቸው ላይ አጥንታቸው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም፤ እጃቸው ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ቆየ። ጀሶው ሲወጣ አጥንቱ ገጥሟል፤ አንጓው ግን ደርቋል። ስድስት ሳምንት ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ዙሪያውን የሸፈነው ሽፋን ይኮማተራል፤ ጅማቱም እንደ ልቡ አይንሸራተትም። እኔ ዘንድ የመጡ ዕለት እጃቸውን ወደ ኋላ ማጠፍ የቻሉት 18 ዲግሪ ብቻ ነበር፤ በጤናማ እጅ 60 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። መዳፋቸውን ወደ ላይ መገልበጥም ተስኗቸው ስለነበር ጀበና አንስተው ቡና መቅዳት አይችሉም፤ ውኃ በመዳፍ ይዞ ፊት መታጠብም እንዲሁ።

እኚህ እናት ሜዲኬርን በግል መድን ድርጅት በኩል በሚሰጠው በሜዲኬር አድቫንቴጅ ሥር ያለ፣ ኤችኤምኦ የሚባል ዓይነት ዕቅድ አላቸው። በዚህ ዓይነት ዕቅድ ብዙ ጊዜ እንደሚሆነው ሁለት ወረቀት ተጠየቀላቸው፦ አንዱ የቤተሰብ ሐኪማቸው ሪፈራል፣ ሁለተኛው መድን ድርጅቱ የሚሰጠው ቅድመ ፈቃድ። እኔ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለስምንት ሳምንት፣ በጠቅላላው 16 ቀጠሮ የሚል የሕክምና ዕቅድ ጻፍኩ። የተፈቀደው ስድስት ቀጠሮ ሆነ፤ ያውም ከማርች 3 እስከ ኤፕሪል 1 ብቻ የሚያገለግል። ክሊኒካችን ባዶ ቀጠሮ ያገኘው ግን ማርች 17 ነበር። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በሳምንት ሁለቴ ሳይቀሩ መጡ፤ ስድስተኛው ቀጠሮ ኤፕሪል 3 ላይ ዋለ። ቀጠሮው ከስድስቱ አንዱ ነው፤ ቀኑ ግን በሁለት ቀን አልፏል። ክፍያው ውድቅ ተደረገ።

በዚያው ዕለት አንጓቸውን ስለካው 42 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ለተጨማሪ ቀጠሮ ልኬቱን አያይዤ ጥያቄ ላክሁ። መልሱ “በቂ ማስረጃ የለም” የሚል ሆኖ መጣ። ምን እንደጎደለ ለማወቅ ስልክ ላይ ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅሁ። ችግሩ ሪፈራሉ ላይ ሕመሙን የሚገልጸው ኮድ ነበር። የሐኪሙ ቢሮ የጻፈው M25.531 ነው፤ ትርጉሙም የቀኝ አንጓ ሕመም ማለት ነው። መጻፍ የነበረበት S52.531D፣ ማለትም ቀኝ አንጓ ላይ የደረሰ ስብራት፣ በመዳን ላይ ያለና በክትትል የሚታይ። መጨረሻ ላይ ያለችው D ፊደል ስብራቱ አዲስ ሳይሆን ድኅረ ሕክምና ላይ መሆኑን ታመለክታለች። በመጀመሪያው ኮድ ሲታይ ታካሚዋ አንጓቸውን ያመማቸው ሰው ናቸው፤ በሁለተኛው አጥንታቸው ተሰብሮ አንጓቸው የደረቀ ሰው። ወረቀቱን የሚመዝነው ሰው እጃቸውን አላየም፤ ስለዚህ ለአንዲት የሕመም ኮድ ይህን ያህል ቀጠሮ መጠየቄ ቢያስደንቀው አልፈርድበትም።

ኮዱ ኤፕሪል 10 ተስተካክሎ ተላከ፣ ፈቃዱ ኤፕሪል 22 መጣ፣ ታካሚዋ ኤፕሪል 24 ተመለሱ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለ ሕክምና። ቤት ውስጥ እንዲሠሩት የሰጠኋቸውን እንቅስቃሴ በታማኝነት ቢሠሩም ልኬቱ ከ42 ወደ 30 ወርዶ አገኘሁት። ሦስቱ ሳምንት ባይባክን ኖሮ ቀጣዮቹ ቀጠሮዎች ወደፊት ይሄዱ ነበር፤ አሁን ግን ከመካከላቸው የተወሰኑት የጠፋውን ለመመለስ ዋሉ። መድን ድርጅቱ ወጪ ለመቆጠብ ብሎ ከሆነ፣ በራሱ ሂሳብም ቢሆን ከስሯል።

የተከበሩ አስተዳዳሪ፣ መሥሪያ ቤትዎ ይህ እንዳይሆን የሚከለክል ደንብ አለው። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የአድቫንቴጅ ዕቅዶች የሚሰጡት ቅድመ ፈቃድ ሕክምናው አስፈላጊ ሆኖ እስከቆየ ድረስ፣ ሕክምናው እንዳይቋረጥ፣ የሚያገለግል መሆን አለበት ይላል። በመደበኛው ሜዲኬርም ቢሆን የፊዚዮቴራፒ የክፍያ ጣሪያ በ2018 በሕግ ተነሥቷል። ዛሬ ያለው ጣሪያ ሳይሆን ማረጋገጫ የሚጠየቅበት መጠን ነው፤ በ2025 2,410 ዶላር ነበር። እሱ ሲታለፍ ክሊኒኩ ሕክምናው አስፈላጊ መሆኑን በክፍያ ጥያቄው ላይ ያረጋግጣል እንጂ ሕክምናው አይቆምም። ጣሪያው በዚያ በኩል ተነሥቶ፣ በዚህ በኩል ስድስት ስድስት እየተባለ ሲመለስ ነው የማየው።

ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ መደበኛ ጥያቄ የሚመለስበት ጊዜ ከ14 ቀን ወደ 7 መውረዱን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ሰዓቱ ቢያጥርም በየስድስት ቀጠሮው እንደገና የሚጠየቅ ከሆነ ሕክምናው በየጊዜው እየተቋረጠ ይሄዳል።

ስለ ክፍያውም አንድ ነገር ልናገር፤ የራሳችንን ክሊኒክ ስለሚነካ ለመናገር ደስ አይለኝም። የኤፕሪል 3ቱ ክፍያ ውድቅ ሲሆን ከእንግዳ መቀበያችን 160 ዶላር የሚል የክፍያ መጠየቂያ ለታካሚዋ ወጣ። “መድን ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ” የሚል ወረቀትም አስቀድመው ፈርመው ነበር። ያ ወረቀት ግን የሚያገለግለው ለመደበኛው ሜዲኬር ነው፤ በአድቫንቴጅ ዕቅድ አይሠራበትም። ዕቅዱ አስቀድሞ በጽሑፍ “አንከፍልም” ብሎ ለታካሚዋ ካላሳወቀ፣ ከዕቅዱ ጋር ውል ያለው ክሊኒክ በወረቀት ስሕተት የወደቀውን ሂሳብ ከእርሳቸው መጠየቅ አይችልም፤ የእርሳቸው ድርሻ በየቀጠሮው የሚከፍሉት የተለመደው ኮፔይ ብቻ ነው። መጠየቂያውን ሰረዝነው። እንዲህ ያለ መጠየቂያ ተቀብለው ዝም ብለው የከፈሉ ስንት እንዳሉ ግን አስባለሁ፤ ልጆቻቸው ሥራ ላይ ናቸው፣ ወረቀቱም በእንግሊዝኛ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የአድቫንቴጅ ዕቅዶች ከስብራት በኋላ ለሚሰጥ ሕክምና ፈቃድ ሲሰጡ የባለሙያውን የሕክምና ዕቅድ ተከትለው እንዲፈቅዱ፣ የ2024ቱም ደንብ በዚህ ረገድ መከበሩ እንዲመረመር። የፈቃዱ ቀን ፈቃዱ ከወጣበት ሳይሆን ታካሚው መጀመሪያ ከታየበት ዕለት እንዲቆጠር። ከሁሉም በላይ፣ ውድቅ የሚያደርገው ደብዳቤ ምክንያቱን ለይቶ እንዲጽፍ፦ ወረቀት ጎድሎ ከሆነ የትኛው ወረቀት፣ የትኛው ኮድ ወይም የትኛው ቀን እንደሆነ ይግለጽ፤ ሕክምናው አያስፈልግም ተብሎ ከሆነ ደግሞ ለምን እንደሆነ። የመጀመሪያው የሐኪሙ ቢሮ በአንድ ቀን የሚያስተካክለው ነው፤ ሁለተኛው ይግባኝ የሚጠይቅ ነው። የእኔ ታካሚ የደረሳቸው ደብዳቤ ሁለቱን አልለየም፤ እርሳቸውም ያነበቡት “አያስፈልግዎትም” እንደተባሉ አድርገው ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
በሜሪላንድ የሚሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ