ጉድጓዱን በግንቦት ሄደን እንይ፦ ለወረዳችን ዋና አስተዳዳሪ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ የወረዳችን ዋና አስተዳዳሪ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በሚገኝ አንድ ወረዳ ነዋሪ ነኝ። ቀደም ሲል ለ11 ዓመት በወረዳ ደረጃ በፕላን ባለሙያነት ሠርቻለሁ። የወረዳችንን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ጣት መቀሰር ስላልፈለግኩ ነው። የምናገረው ነገር የብዙ ወረዳዎች ችግር ነው።

የቀጣዩን ዘመን ስትራቴጂክ እቅድ እያዘጋጃችሁ መሆኑን ሰምቼ ረቂቁን አንድ ወዳጄ ዘንድ አነበብኩት። የነባራዊ ሁኔታ ትንተናው ረጅም ነው። ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት፤ ሁሉም በሠንጠረዥ ተቀምጠዋል። የመጠጥ ውሃው ክፍል ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። በወረዳው ከሦስት ሰው ሁለቱ ንጹህ ውሃ ያገኛል ይላል።

እኔ በምኖርበት ቀበሌ ሰባት የውሃ ተቋማት አሉ። ባለፈው ግንቦት ሁለት ቀን ፈጅቼ ሁሉንም በእግሬ ዞርኩ። ያለ ችግር ውሃ የሰጡኝ ሦስቱ ብቻ ናቸው። በእናንተ ሰነድ ግን ሰባቱም ይቆጠራሉ።

ማንም አልዋሸም። ሽፋን የሚሰላው እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ የእጅ ፓምፕ ወይም ለጎለበተ ምንጭ ይህን ያህል ሰው ይጠቀማል የሚል ቋሚ ቁጥር ይሰጠዋል። ያ ቁጥር በተቋማቱ ብዛት ይባዛል፤ ከዚያ ለሕዝቡ ቁጥር ይካፈላል። አንድ ጉድጓድ ተመርቆ ሪፖርት ከገባ በኋላ ቢበላሽም ከዝርዝሩ የሚያወጣው ሰው ከሌለ እዚያው ይኖራል። የምናካፍልበት የሕዝብ ቁጥርም ቢሆን ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ እየተሰላ የመጣ ግምት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ወጣት ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገባ፣ ስንቷ ልጅ ዐረብ አገር ሄደች።

አንድ ነገር ላስታውስዎ። በመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ ዘመን የገጠር መስፈርቱ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር፣ በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነበር። በሁለተኛው ዘመን፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ፣ 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ሆነ። መስፈርቱ በዚህ መልክ ሲጠብቅ አንድም ፓምፕ ሳይሰበር ሽፋኑ በወረቀት ላይ ይወርዳል። እናቶች የሚሄዱበት መንገድ ግን አልረዘመም፤ አላጠረምም። እቅድ ለመሥራት የሚያስፈልገን መረጃ መቶኛው አይደለም። የትኛው ፓምፕ፣ የት፣ ለምን ቆመ የሚለው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይህ ነው። ረቂቁ ምክር ቤት ከመግባቱ በፊት በወረዳው ያለው እያንዳንዱ የውሃ ተቋም በአካል ይታይ። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያዎች ጥቂት መሆናቸውን አውቃለሁ። የጤና ኤክስቴንሽንና የግብርና ሠራተኞቻችን ግን በየቀበሌው አሉ። አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል።

ጊዜው ግን ይመረጥ። ጥቅምት ላይ ክረምቱ ገና ወጥቷል፤ ጉድጓድ ሁሉ ውሃ አለው። ትክክለኛው ወር ግንቦት ነው፣ በተለይ በልጉ ደካማ በሆነበት ዓመት። በእኛ ደጋ በልግ የገብስ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ በልግ ካልዘነበ የምንጩም ዓይን ይጠብባል። ጥቅምትና ኅዳር የተቆፈሩ ጉድጓዶች ሚያዝያ ላይ የሚደርቁትም ጊዜው ስላልተመረጠ ነው። የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ባለበት ጊዜ ቶሎ ውሃ ተገኘና ቁፋሮው እዚያ ላይ ቆመ። ደረቅ ወቅት መጨረሻ ላይ ቢቆፈሩ ኖሮ ጥቂት ሜትር ይጠልቁ ነበር።

የቆመ ፓምፕ ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ የለበትም። እኔ በዞርኩባቸው ቦታዎች እጀታውን ራሴ እያነሳሁ አየሁት። አንዱ ጋ እጀታው ላባ ሆነ፤ ምንም ክብደት የለውም፣ ውሃም የለም። ይህ ብዙውን ጊዜ ውስጥ ያለው ዘንግ ተላቅቋል ወይም ተሰብሯል ማለት ነው። ሁለተኛው ጋ ሠላሳ ጊዜ ያህል ከመታሁት በኋላ ውሃ መጣ፤ ትንሽ አርፌ ስመለስ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። እታች ያለው ቫልቭ ውሃውን አልያዘም፤ ወይ ጎማው አልቋል። አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ጎማዎች ደግሞ በየጊዜው እንዲቀየሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ሦስተኛው ጠዋት ይሰጣል፣ ረፋድ ላይ ይቆማል፣ ማታ ተመልሶ ጥቂት ይሰጣል። ይህኛው ፓምፑ ደህና ነው፤ ጉድጓዱ ነው የጎደለው። ጎማ ቢቀይሩለት ብር መጣል ነው፤ ሊጠልቅ ይገባዋል፣ ካልሆነም ሌላ ቦታ መፈለግ ነው።

አራተኛው ከሁሉም አሳዘነኝ። ፓምፑ ላይ ሰንሰለት ታስሯል። የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ቁልፉን እንደያዘ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። በየወሩ ይዋጣ የነበረው ገንዘብ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም፤ ሰዉም ማዋጣት አቁሟል። አጠገቡ ባዶ ጀሪካን ይዛ የቆመች አንዲት እናት «ጎማውማ ከአንድ ዶሮ ዋጋ አይበልጥም ነበር፤ የሚሰበስበን ጠፋ እንጂ» አለችኝ። ይህን ተቋም የሚጠግነው መካኒክ አይደለም። አንድ ቀን ስብሰባ፣ አዲስ ኮሚቴ፣ በብድርና ቁጠባ የተከፈተ ደብተር ነው።

እንግዲህ አራቱም በእናንተ ሰነድ «የሚሠራ» ናቸው። አራቱም በተለያየ ዋጋ ይድናሉ። ትንተና የሚባለው ይህን መለየት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ረቂቁ ውስጥ «ቅድሚያ የሚሰጣቸው» ተብለው የተዘረዘሩት ሥራዎች አሥራ አራት ናቸው። አሥራ አራት ነገር ቅድሚያ ሊሆን አይችልም። እንዴት እንደተመረጡም አውቃለሁ፤ እኔም በዚያ ጠረጴዛ ተቀምጬ ነበር። እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የራሱን ሥራ ይመዝናል። ነጥቡ ሲደመር ሁሉም ሰባ ምናምንና ሰማንያ ምናምን ያገኛል። ልዩነቱ አንድ ሁለት ነጥብ ይሆናል፤ ያም የሚመጣው ከሥራው ሳይሆን ከመዛኙ እጅ ነው። ከዞን ኮታ ሲወርድ ደግሞ ትንተናው ከኮታው ጋር እንዲገጥም ወደ ኋላ ይጻፋል።

በዚህ ፈንታ ከገንዘቡ ብንጀምርስ? ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው። የጥቅል በጀቱ አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚሄድ ያውቃሉ። ለካፒታል 10 ሚሊዮን ብር ተረፈ እንበል። መጀመሪያ የታሰረው ይቀነስ፦ አምና ተጀምረው ላላለቁ ግንባታዎች 5 ሚሊዮን ተኩል፣ ከረጂ ድርጅት ጋር ለተፈራረማችሁት ፕሮጀክት የወረዳው ድርሻ 1 ሚሊዮን ተኩል። የቀረው 3 ሚሊዮን ነው። ምክር ቤቱ በእውነት የሚወስነው በዚህ 3 ሚሊዮን ላይ እንጂ በ10 ሚሊዮኑ ላይ አይደለም። ረቂቁ ውስጥ ግን ይህ ቁጥር የትም አልተጻፈም።

በ3 ሚሊዮን አንድ አዲስ ጤና ኬላ መጀመር ይቻላል እንበል። ወይም ዘንግና ጎማ የሚያስፈልጋቸውን 20 ፓምፖች በአማካይ በ60 ሺህ ብር መጠገን፤ ይህ 1.2 ሚሊዮን ነው። አራት ጉድጓዶችን እያንዳንዳቸውን በ200 ሺህ ብር ማጥለቅ፤ 800 ሺህ። 1 ሚሊዮን ይተርፋል። በአንድ ፓምፕ 50 ቤተሰብ ቢጠቀም፣ በ24ቱ ተቋማት 1,200 ቤተሰብ ወደ ንጹህ ውሃ ይመለሳል።

ጤና ኬላ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ነገር ግን አዲስ ሕንፃ አንዴ ከተሠራ በኋላ በየዓመቱ ደመወዝ፣ መድኃኒትና ጥገና ይጠይቃል፤ ያም ከካፒታል ሳይሆን ከመደበኛው በጀት ይወጣል። መደበኛው ደግሞ ከወዲሁ ሞልቷል። ሪባን ተቆርጦላቸው ባለሙያ ሳይመደብላቸው የተዘጉ ቤቶችን እርስዎም አይተዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የታቀደ ግንባታ አንድ ተጨማሪ መስመር ይጻፍ፦ ከተመረቀ በኋላ በዓመት ስንት ያስወጣል፣ ከየትኛው ርዕስ? መልስ የሌለው ሥራ ለጊዜው ይቆይ።

ይህ «ጥገና ይቅደም» የሚለው መንገድ ግን አንድ ጉድለት አለው፤ ሳልነግርዎ ባልፍ ትክክል አይሆንም። ከመጀመሪያውም ምንም ያልተሠራለት ቀበሌ የሚጠገንለት ነገር የለውም። ወረዳችን ከውርጩ ደጋ እስከ ቆላው ገደል ድረስ የተዘረጋ ነው። የወረዳው አማካይ ጥሩ ሲመስል ቆላ ያሉት ሁለት ቀበሌዎች ዛሬም ከወንዝ ይጠጣሉ። መንገዱ ስለሚያደክም ባለሙያም እምብዛም አይወርድም፤ ባለሙያ ካልወረደ ደግሞ ጥያቄያቸው ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም። ለዚህ ነው ያ የተረፈው 1 ሚሊዮን ለእነሱ ብቻ ይያዝ የምለው። በነጥብ ከሌላው ጋር አይወዳደር። ምንጭ ካለ ይጎልብት፤ ከሌለ የጥናት ሥራው ይጀመር።

በመጨረሻ፣ የተመረጡት ብቻ ሳይሆኑ ለሌላ ጊዜ የተላለፉትም ይጻፉ። የበጀት ጣሪያው ሲታወጅ ገንዘቡ ከታሰበው ካነሰ የትኛው ሥራ ቀድሞ ይወጣል? ይህ ከሐምሌ 1 በፊት ካልተወሰነ፣ ታኅሣሥ ላይ ገንዘብ ሲያጥር የሚወስነው ቢሮ ድረስ መጥቶ የጮኸው ነው። እኔ በነበርኩበት ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ በዚያ ምክንያት ሁለት ዓመት የተላለፈ አንድ የምንጭ ሥራ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የተከበሩ አስተዳዳሪ፣ የፓምፖቹ ዝርዝር ሲያልቅ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ እንዲለጠፍ ይዘዙልን። የትኛው እንደሚጠገን፣ የትኛው እንደሚተላለፍና ለምን እንደሆነ ሰዉ ያንብበው፤ ስህተት ካለም ያርመው። የእኛን ሰባቱን እኔ በእጄ ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ እጀታው ላባ የሆነው ሦስተኛው መስመር ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የወረዳው ነዋሪ