ስም ሸፍኖ ሰው መግለጥ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ በቤተሰባችን ላይ የደረሰ ጉዳይ ነው። የእህቴ ልጅ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የምታስተምር ወጣት ስትሆን በፌስቡክ ያሏት ወዳጆች ሦስት መቶ አይሞሉም፤ እነሱም አብዛኞቹ ዘመዶቿና አብረዋት የተማሩ ናቸው። አንድ ቀን ማታ አከራይዋ ኪራይ ሊጨምሩባት መሆኑን፣ ውኃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቃ ከግቢው ቧንቧ እስከ ሁለተኛ ፎቅ በጀሪካን እንደምታመላልስ፣ ከደመወዟም የሚተርፋት የታክሲ ብቻ እንደሆነ በምሬት ጻፈች። ጠዋት ስትነሣ ንዴቷ በርዶላት ስለነበር ስለ አከራይዋ የተናገረችውን ጠንከር ያለ ቃል አስተካከለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጽሑፉን ጨርሳ አጠፋችው። በዚህ መሐል ግን ከወዳጆቿ አንዱ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ስክሪንሾት አንሥቶት ኖሯል። ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ፣ ስሙን መጥቀስ የማልፈልገው ብዙ ተከታይ ያለው አንድ የዜና ገጽ ዘንድ ደረሰና ስለ ወጣቶች የገንዘብ አያያዝ በተጻፈ ሐተታ ውስጥ ወጣ።

ጸሐፊው ምንም ጥንቃቄ አላደረገም ብዬ አልከሰውም። ስሟን በስልኩ ብዕር ሰርዞታል፤ ፎቶዋንም አደብዝዞታል። ነገር ግን ከሥር የነበሩትን ሁለት አስተያየቶች ሳይቆርጥ ነበር ያወጣው። በአንደኛው ላይ ጓደኛዋ «አይዞሽ» ብላ በቁልምጫ ስሟ ጠርታታለች፤ ሁለተኛውን የጻፈው የሥራ ባልደረባዋ ሲሆን የእሱ ስም ከነፎቶው እንዳለ ተቀምጧል። ትምህርት ቤቱን ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል? አከራይዋማ ይህንንም መመልከት አላስፈለጋቸውም፤ ጀሪካኑንና ሁለተኛ ፎቁን እንዳነበቡ የማን ነገር እንደሆነ ገባቸው። በሦስተኛው ቀን ቤቱን እንድትለቅ ነገሯት።

ስም ስለ መሸፈን ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙ የዝግጅት ክፍሎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። በስልኮቻችን ላይ ያለው የማቅለሚያ ብዕር ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያለውን በከፊል የሚያሳልፍ ነው፤ ለዓይን ጥቁር መስሎ የታየው ስም የምስሉን ብርሃን ከፍ በማድረግ ብቻ ሊነበብ ይችላል። እኔ ራሴ በዚያው ምስል ላይ ሞክሬው የአባቷ ስም ወጥቷል። የሚሻለው ምንም በማያሳልፍ ድፍን ሣጥን ከሸፈኑ በኋላ የተሸፈነውን ምስል እንደገና ስክሪንሾት አንሥቶ ያንን ማውጣት ነው። መቁረጥም ቢሆን ሁልጊዜ አያስተማምንም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በጉግል ፒክስል ስልኮች የምስል ማስተካከያ ላይ በታወቀው ጉድለት ምክንያት ተቆርጦ ተጣለ የተባለው የምስል ክፍል በፋይሉ ውስጥ ቀርቶ መልሶ ማውጣት ይቻል ነበር።

ለገጹ አቤት ስንል የተሰጠን መልስ «በአደባባይ የጻፈችው ነው» የሚል ነበር። ይህ ግን በራሳቸው ምስል የሚስተባበል ቃል ነው። በፌስቡክ ከጽሑፉ ሰዓት ጎን ትንሽ ምልክት አለች፤ የሉል ቅርጽ ከሆነች ጽሑፉ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የሁለት ሰዎች ቅርጽ ከሆነች ደግሞ ለወዳጆች ብቻ የተጻፈ ነው። በወጣው ምስል ላይ ሁለቱ ሰዎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አዘጋጁ ሐተታውን ከማሳለፉ በፊት አንድ ጊዜ ዓይኑን ጣል ቢያደርግ ኖሮ ጽሑፉ ለወዳጆቿ ብቻ የተጻፈ መሆኑን ባየ ነበር። የሉሉ ምልክት ቢሆንም እንኳ ጥያቄው ያበቃል ብዬ አላምንም፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ «ለሁሉም» ብሎ የለጠፈ ሰው ምርጫውን እስኪቀይረው ድረስ ተከታዮቹ ጽሑፎቹ ሳይታወቀው በዚያው ሊቀጥሉ ይችላሉ። ለሰፈሩ ሰው የተናገረ ሰው ደግሞ ለአገር ተናገረ አይባልም።

ስክሪንሾት ከዋናው ጽሑፍ ጋር የሚያገናኘው ክር የለውም። ገጹ ምስል ከማውጣት ይልቅ ለሁሉም የተለቀቀን ጽሑፍ በማያያዣ ቢያስገባ ኖሮ ጸሐፊዋ ስታርም የታረመው ይታይ ነበር፤ ስታጠፋው ደግሞ ከገጹም ይጠፋ ነበር። የእህቴ ልጅ ግን በማግስቱ ጠዋት በተወችው ቃል እስከ ዛሬ ትጠየቅበታለች።

ምስሉን ትቶ ቃሏን ብቻ በትእምርተ ጥቅስ ማስፈር ይሻላል የሚሉ አሉ። ለሁሉም ክፍት በሆነ ጽሑፍ ላይ ይህም አይበቃም፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቀድቶ በመፈለጊያው ላይ ያስገባ ሰው ባለቤቱን ሊያገኝ ይችላልና። በጥቅሱ ውስጥ ቃል መለዋወጥ ደግሞ ሰው ያላለውን አለ ማለት ስለሆነ አይቻልም። መውጫው ጥቅሱን ጨርሶ ትቶ «አንዲት መምህርት የኪራይ ጭማሪው ከአቅሟ በላይ እንደሆነባት ጽፋለች» ብሎ በራስ ቃል ማስተላለፍ ነው። በአማርኛ ይህ ለጸሐፊው ትንሽ ይከብዳል፤ «... አለች» እያልን የሰውን ቃል እንዳለ ማምጣት ልማዳችን ነውና። ቢሆንም ሐተታው በዚህ ምን ያጎድል ነበር? ስለ ኪራይ ለመጻፍ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ፤ ኪራይ የሚከፍል ሰውም በየሰፈሩ ሞልቷል። የእሷ ምስል የገባው ለማስረጃ ሳይሆን ለማላገጫ ነበር።

ፈቃድ መጠየቅን በተመለከተ ገጹ «መልእክት ልከንላት አልመለሰችም» ብሏል። እውነት ነው፣ ልከዋል። ነገር ግን ወዳጅ ካልሆነ ሰው የሚመጣ መልእክት ከሌሎቹ ተለይቶ በመልእክት ጥያቄዎች ሣጥን ውስጥ ስለሚገባ፣ የሐተታው ጦስ ደርሶባት ስልኳን ስታገላብጥ ነው ያገኘችው። የተላከላት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሐተታው የወጣው በማግስቱ ረፋድ ላይ። ዝምታዋ እንደ ፈቃድ ተቆጥሮባታል።

ይህን ስል ባለሥልጣናት ከተጠያቂነት እንዲያመልጡ መደበቂያ እያዘጋጀሁ እንዳይመስል እፈራለሁ። አንድ የቢሮ ኃላፊ በሥራ ገጹ ላይ የለጠፈውን መግለጫ በማግስቱ ቢያጠፋው፣ ስክሪንሾቱ ከነቀኑና ከነሰዓቱ፣ ከነአድራሻውም ሊቀመጥና ሊወጣ ይገባል፤ ሥልጣኑ የሕዝብ ነውና ቃሉም የሕዝብ ነው። የሚያስቸግረው በመካከል ያለው ነው። የእድር ሰብሳቢ፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ወይም አንድ ቪዲዮው ድንገት የተሠራጨለት ሰው ከወዴት ይመደባል? እኔ የምለየው በቦታው ነው፤ ርእሰ መምህሩ ስለ ትምህርት ክፍያ በትምህርት ቤቱ ገጽ የጻፈው ይጠቀስ፣ ስለ ትዳሩ በግል ገጹ ያሰፈረው ይቅር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ሲደነግግ ባለሥልጣንን ከሌላው አልለየም፤ ሆኖም ሥልጣን የያዘ ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ የግል ሕይወቴ ነው ማለት አይችልም።

ገጹ ከሁለት ሳምንት ውትወታ በኋላ ምስሉን አንሥቶልናል። በቴሌግራም ግን አሁንም ይዞራል፤ አንዳንዱ ቻናል ሐተታውን ትቶ ምስሉን ብቻ ስላወጣው በምን ምክንያት እንደተጻፈ እንኳ የሚያውቅ የለም። ልጅቷ ለጊዜው እህቴ ዘንድ ናት፤ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቷ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ትይዛለች።

የእናንተ ጋዜጣም ከማኅበራዊ ሚዲያ የተወሰዱ ጽሑፎችን አልፎ አልፎ በምስል ሲያወጣ አይቻለሁ። ከመውጣታቸው በፊት ማን እንደሚያያቸው፣ ባለቤቱስ በምን መንገድ ተጠይቆ ስንት ጊዜ እንደሚጠበቅ በሚቀጥለው እትማችሁ ብትነግሩን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ