የማብሰያ ወጪ ድስቱ ውስጥ በሚገባው ሙቀት ይሰላልን

ለተከበሩ የኢነርጂ ጉዳይ ኃላፊ፣

የቤተሰብ የማብሰያ ወጪ ሲነጻጸር የከሰል ዋጋ በኪሎ፣ የላምባ በሊትር፣ የመብራት በኪሎዋት ሰዓት፣ የቡታ ጋዝ በሲሊንደር ጎን ለጎን ይደረደራል። ይህ ለገዢው ብዙም አይጠቅመውም፤ የሚከፍለው ለነዳጁ ሆኖ የሚያበስልለት ግን ድስቱ ውስጥ የገባው ሙቀት ብቻ ነውና።

አንድ ቤተሰብ በቀን 10 ሜጋጁል ሙቀት ድስቱ ውስጥ ይፈልጋል እንበል። ይህ 30 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ እስኪፈላ ለማሞቅ የሚበቃ ነው፤ በወር 300 ሜጋጁል ይሆናል። አንድ ኪሎ ከሰል 29 ሜጋጁል ገደማ ቢይዝም ተራ የቆርቆሮ ምድጃ ለድስቱ የሚያደርሰው አንድ አምስተኛውን ያህል ነው። ስለዚህ በወር 52 ኪሎ ያስፈልጋል፤ 30 ከመቶ በሚያደርስ የተሻሻለ ምድጃ ወደ 35 ኪሎ ይወርዳል። በዚሁ ስሌት ላምባ 21 ሊትር (40 ከመቶ)፣ ቡታ ጋዝ 12 ኪሎ (55 ከመቶ)፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ 120 ኪሎዋት ሰዓት (70 ከመቶ) ይፈጃሉ። ምድጃው ካረጀ ወይም ድስቱ ካልተከደነ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ስለዚህ አንድ ኪሎ ቡታ ጋዝ የ10 ኪሎዋት ሰዓት፣ የ1.8 ሊትር ላምባ ወይም በተራ ምድጃ የ4.4 ኪሎ ከሰል ሥራ ይሠራል። ማንም ሰው የሰፈሩን ዋጋ በእነዚህ ቁጥሮች አባዝቶ የሚረክሰውን ማወቅ ይችላል። የምድጃው መግዣ ግን ለብቻው ለአገልግሎት ወራቱ ተካፍሎ ይደመር።

ስሌቱ በብዛት የሚሳሳተው መብራት ላይ ነው። በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት 120 ሲጨምር 210 ይደርሳል። የታሪፉ የመጀመሪያ እርከን 100 ላይ ካበቃ፣ ከአዲሱ ፍጆታ በርካሹ ዋጋ የሚታሰበው 10ሩ ብቻ ነው። ታሪፉ የተደረሰበትን እርከን ዋጋ ለጠቅላላው ፍጆታ የሚያስከፍል ከሆነ ደግሞ የፊተኛው 90ም አብሮ ይወደዳል። ስለዚህ የማብሰያው ወጪ መታየት ያለበት በመብራት ማብሰል ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ቢል ልዩነት እንጂ በአማካይ ዋጋ አይደለም።

ከሰልም በጆንያ መነጻጸር የለበትም። እርጥበት የጠጣ ከሰል ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ሙቀቱ ግን ያነሰ ነው፤ የጆንያው ግርጌ ብናኝም አየር ዘግቶ እሳቱን ያፍናል። ድስት ከወረደ በኋላ የሚቀረው ፍም ያለ ሥራ አመድ ይሆናል፤ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ቢታፈን ግን ለነገ ይተርፋል። ፍሙን አፍነው የማያስቀሩ ቤቶች ከሰል የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው።

የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ንጽጽሩ ሲወጣ ዋጋው በአንድ ሜጋጁል የድስት ሙቀት ይጻፍ፤ የየምድጃው ብቃትም በምን ዓይነት ድስትና ፍተሻ እንደተለካ አብሮ ይገለጽ።

ከአክብሮት ጋር፣
በምድጃ ፍተሻ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች