ለደከመ ኩላሊት ያልተቀነሰ ሜትፎርሚን

ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
ጅማ

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። የስኳር ክትትሏን የምታደርገው ከአጋሮ እየመጣች እናንተ ጋ ነው። ለዓመታት ጠዋት 1000፣ ማታ 1000 ሚሊ ግራም ሜትፎርሚን ስትወስድ ቆይታለች። በቅርቡ ተቅማጥ ያዛት፣ ምግብም አስጠላት። ስናመጣት «የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ ትለምደዋለች» ተባልን። ቅሬታዬ በዚህ መልስ ላይ ነው።

ሜትፎርሚን ሆድ እንደሚያውክ የታወቀ ነው። ያቅለሸልሻል፣ ያስቀምጣል፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት ይላል። ይሄ ግን በብዛት የሚታየው መድኃኒቱ ሲጀመር ወይም መጠኑ ሲጨመር ነው። በ500 ተጀምሮ ከምግብ ጋር ቀስ እየተባለ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። ለዓመታት የተስማማት ሰው ድንገት ስትታወክ ታዲያ ምኑን ነው የምትለምደው? ሌላ ምክንያት መፈለግ፣ ኩላሊቷንም ማየት ነበረባችሁ።

ሜትፎርሚን ጉበት ውስጥ አይሰባበርም። እንዳለ በኩላሊት አልፎ በሽንት ይወጣል። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ያኔ፣ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም፣ ላክቲክ አሲድ በደም ውስጥ በዝቶ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ያማል፣ ሰው አቅም ያጣል፣ ያስመልሳል። ተቅማጥ ደግሞ የሰውነትን ውሃ ጨርሶ የደከመውን ኩላሊት ይብስ ያደክመዋል። (መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊት ይጎዳል ማለቴ አይደለም። ሰፈር ውስጥ የሚወራው እሱ ስህተት ነው።)

ከሁሉ ያናደደኝ ውጤቱ እጃችሁ ላይ መኖሩ ነው። ከመታመሟ በፊት በራሳችሁ ላቦራቶሪ ክሬቲኒኗ 1.5 ነበር። «ትንሽ ከፍ ብሏል» ተብሎ ታለፈ። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዕድሜዋና ጾታዋ ገብተው ሲሰላ ግን የኩላሊቷ የማጣራት አቅም 37 ገደማ ነው። ከ30 በታች ሜትፎርሚን ጨርሶ አይሰጥም። ከ30 እስከ 45 ባለው አዲስ አይጀመርም፤ ቀድሞ የጀመረ ሰውም ከቀጠለ መጠኑ በግማሽ ያህል ይቀነሳል፣ በቀን ከ1000 እንዳይበልጥ። እሷ 2000 እየወሰደች ነበር።

ሌላ ሆስፒታል ስንወስዳት ሐኪሙ መድኃኒቱን አስቁሞ ግሉኮስ ሳይሆን ጨዋማ ፈሳሽ ሰጣት። ተቅማጡ ቆሞ ኩላሊቷ እንደገና ከታየ በኋላ 500 ጠዋት፣ 500 ማታ ብቻ ጀመረላት።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ክሬቲኒን ሲለካ የተሰላው የማጣራት አቅም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ከ45 በታች የሆነ ሰው ያለ ሐኪም ውሳኔ ያው መጠን አይደገምለት። ከባድ ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲመጣ ሜትፎርሚኑን ለጊዜው አቁሞ ቶሎ ወደ ሐኪም መምጣት እንዳለበት ለታካሚው በአማርኛም በኦሮምኛም ይነገረው። የእናቴ ካርድ በሐኪም ታይቶ ምላሻችሁ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

የታካሚዋ ልጅ