ቴርሞስታት ብቻ መቀየር ለምን አቆምን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን የሚደርሰን ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። «ቦይለሩ ለብ ያለ ውሃ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ቴርሞስታቱን ቀይሩልኝ ስላችሁ ቦይለሩ ካልተፈታ አንነካም ትላላችሁ፣ ሂሳቡም ጨምሯል።» ላስቀየምናችሁ ይቅርታ። ውሳኔው ግን ይጸናል፤ ምክንያቱን ስሙን።

በቅርቡ አቃቂ አካባቢ አንድ ቤት ተጠራን። ቦይለሩ 80 ሊትር፣ ኤለመንቱ 1500 ዋት ነው። ቴርሞስታቱ በሌላ ባለሙያ ከተቀየረ ብዙም አልቆየም። የቦይለሩ መብራት በርቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጠፋል። እስቲ አስቡት፤ ይህን ያህል ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። በግማሽ ሰዓት የሚጨምረው 8 ዲግሪ ገደማ ነው። ታዲያ ማን «በቃ» አለው?

ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው አጥፍተን፣ ውሃውን አፍስሰን፣ ብሎኖቹን ፈታን። ኤለመንቱ በመለኪያችን ሲለካ 32 ኦም አካባቢ ነው፤ ደህና ነው ማለት ነው። ነገር ግን ከላዩ ነጭ ካልሲየም እንደ ልስን ተለጥፎበታል። ቴርሞስታቱ የሚገባበትን ቱቦና ኤለመንቱን አንድ ላይ አጣብቋቸዋል። ሙቀቱ ወደ ውሃው ከመሄዱ በፊት ቱቦው ውስጥ ይታፈናል። ቴርሞስታቱም ውሃው የሞቀ መስሎት ያጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ያበራል፣ መልሶ ያጠፋል። በዚህ ምልልስ የአዲሱ ቴርሞስታት መገናኛ ነጥብ ጠቁሮ ተቃጥሏል። ደንበኛችን ሁለተኛ ቴርሞስታት ሊገዙ ነበር!

ሽፋኑን ከፍቶ ቴርሞስታት መቀየር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ እኛም አያቅተንም። አንድ የመሣሪያ ቦርሳ ይዤ በታክሲ ስዞር የጀመርኩት በዚሁ ሥራ ነው። ከዚያ ጀምሮ ያልተለያችሁን ደንበኞች ስላላችሁ፣ «ገንዘብ ወደዱ» ስትሉን ከልብ ያመናል።

ካልሲየሙን በቢላ አንፍቅም፤ የኤለመንቱ ሽፋን ይሰነጠቃል። ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈን እናስለቅቀዋለን፣ ጎሚኒውንም እንቀይራለን። ይህ ጊዜ ይወስዳል። መለዋወጫው ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዋጋው የት እንደደረሰ እናንተም ታውቁታላችሁ።

የጉድጓድ ውሃ የሚደርሳችሁ፣ በተለይ አቃቂ በኩል ያላችሁ፣ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ ውሃ ከሚጠቀሙት ቶሎ ታስከፍታላችሁ። ይህ የውሃው ጠባይ ነው፤ የእኛ ፍላጎት አይደለም።

ከመደወላችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልን። ቦይለሩ ሲቀዘቅዝ አብሩትና መብራቱ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ተመልከቱ። ቶሎ ከጠፋ ከላይ ያልነው ነው። ቀኑን ሙሉ በርቶ ውሃው ለብ ብቻ ካለ፣ ጥርጣሬው ወደ ኤለመንቱ ይዞራል።

በቅርቡ እኛ ዘንድ ቴርሞስታት ብቻ ያስቀየራችሁ፣ ለጎሚኒው ብቻ ከፍላችሁ እንከፍትላችኋለን። ደረሰኙን ያዙልን።

የድርጅቱ ባለቤት