ጉዳዩ፦ በቴሌግራም ገጻችሁ የሚወጡ የአውቶቡስ ማስታወቂያዎች በኢሞጂ መጨናነቅ

ለአውቶቡስ አገልግሎት ድርጅቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል
አዲስ አበባ

ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ የሚነሱ አውቶቡሶች በየዕለቱ መኖር አለመኖራቸውን የምታሳውቁት በቴሌግራም ነው። ማስታወቂያውን ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ በስክሪን ሪደር፣ የምናዳምጥ ዓይነ ስውራን ተሳፋሪዎች ግን መልእክቱን ከጌጡ መለየት ተቸግረናል። በቅርቡ የወጣው ማስታወቂያ ይህን ይመስላል፦

🚨🚨🚨 አስቸኳይ ማስታወቂያ 📢📢
👉🏽 ቱሉ ዲምቱ ➡️ መገናኛ 🔴
👉🏽 ኮዬ ፈጬ ➡️ ቃሊቲ 🟢
⏰ 1️⃣2️⃣:3️⃣0️⃣

ለዓይን ያማረ ሊሆን ይችላል። ቶክባክ፣ ቮይስኦቨር ወይም ኤንቪዲኤ የሚባሉት ስክሪን ሪደሮች ግን ሥዕሉን አያዩትም፤ የሚጠሩት ስሙን ነው። እያንዳንዱ ኢሞጂ በዩኒኮድ ውስጥ የራሱ ስም አለው፤ ስልኩ በእንግሊዝኛ ከተስተካከለ ስሙም በእንግሊዝኛ ይነበባል። እናንተ የማስጠንቀቂያ መብራት ያላችሁት «ፖሊስ ካር ላይት» ተብሎ ሦስት ጊዜ ሊጠራ ይችላል። ጣቷ ደግሞ «ባክሃንድ ኢንዴክስ ፖይንቲንግ ራይት» ናት፤ የቆዳ ቀለም ስለመረጣችሁላት «ሚዲየም ስኪን ቶን» ይጨመርባታል። ሁሉም በስሙ ከተጠራ፣ «ቱሉ ዲምቱ» የሚለው ከመሰማቱ በፊት 18 የእንግሊዝኛ ቃላት ያልፋሉ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ተደጋጋሚውን ቆጥረው ያሳጥሩታል፤ በዚያ መተማመን ግን አይቻልም።

«ዝለሉት» እንዳትሉን። ቴሌግራም ላይ አንድ መልእክት እንዳለ አንድ ቁራጭ ሆኖ ነው የሚያዘው። ጣት ወደ ቀኝ ሲሸራተት ወደ ሚቀጥለው መስመር ሳይሆን ወደ ሚቀጥለው መልእክት ይኬዳል። መሃሉ ላይ ያመለጠ ነገር ካለ ከፖሊስ መብራቱ ጀምሮ እንደገና መስማት ወይም የንባብ ስልቱን ቀይሮ ቃል በቃል መሄድ ግድ ነው፤ ፌርማታ ላይ ቆሞ ይህ አይመችም።

ጩኸቱ አሰልቺ ነው፤ አደጋው ያለው ግን ክቦቹ ላይ ነው። ቀዩ «አይሄድም»፣ አረንጓዴው «ይሄዳል» ማለት መሆኑን ማስታወቂያው የትም አይናገርም። የሚሰማው «ሬድ ሰርክል»፣ «ግሪን ሰርክል» ብቻ ነው። ከዚህም የባሰ አለ፦ ኤንቪዲኤ የኢሞጂ ስሞችን እንዳይጠራ ማድረግ ይቻላል፤ ከእንዲህ ያለው ጫጫታ ለማምለጥም ያጠፉት አሉ። ለእነሱ ሁለቱ መስመሮች ያለ ምንም ልዩነት «ቱሉ ዲምቱ መገናኛ»፣ «ኮዬ ፈጬ ቃሊቲ» ተብለው ሊያልፉ ይችላሉ። የተሰረዘው ጉዞ እንዳለ ይቆጠራል ማለት ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በሣጥን ውስጥ ያሉት አሃዞች ቁጥር ሳይሆኑ ኢሞጂ ናቸው፤ «ኪካፕ ዋን፣ ኪካፕ ቱ» እየተባሉ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከተራው ኪቦርድ 12:30 ተብሎ ቢጻፍ ምን ይጎድለው ነበር? የአውቶቡስ ቁጥርና የስልክ ቁጥርም በዚሁ ሣጥን እንዳይጻፉ እንጠይቃለን፤ አንድ አሃዝ ቢያመልጥ ሌላ ሰው ጋ መደወል ይመጣል።

ይኸው ማስታወቂያ እንዲህ ቢጻፍ ይበቃ ነበር፦

የጠዋት 12:30 ጉዞ።
ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ፦ ዛሬ አይሄድም።
ከኮዬ ፈጬ ቃሊቲ፦ ይሄዳል። 🚌

ኢሞጂ ጨርሶ ይቅር አላልንም። አንድ ብቻ፣ ያውም ከጽሑፉ በኋላ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ እሱ ባይሰማ የሚጎድል መረጃ እንዳይኖር። በየመስመሩ መነሻ ላይ በጣት ፈንታ አዲስ መስመር መጀመር በቂ ነው፤ በቀስት ፈንታም «ከ» እና «ወደ» አሉልን። ቀዩና አረንጓዴው ክብ ለሚያዩት ይጠቅማል ካላችሁ ይቆይ፤ «አይሄድም» ከሚለው ቃል ኋላ እንጂ በቃሉ ምትክ አይግባ።

ማስታወቂያ የሚለጥፈው ባልደረባችሁ ከመልቀቁ በፊት በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሰቢሊቲ ገብቶ ቶክባክን ይክፈትና መልእክቱን አንዴ ነክቶ ያዳምጠው። ቶክባክ ሲበራ አንድ ንክኪ ይመርጣል፣ ሁለት ፈጣን ንክኪ ይከፍታል፤ ይህን ሳያውቁ የሚያበሩት ሰዎች ማጥፋቱ ይቸግራቸዋልና አስቀድማችሁ ንገሩት። የመስመሩ ስም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ካልተሰማው፣ መልእክቱ ገና አላለቀም።

አሁን ከላይ ተሰክቶ የቆየው ማስታወቂያ በዚሁ መልክ ተስተካክሎ እንደ አዲስ መልእክት እንዲላክ እንጠይቃለን። ያለውን ማረም ብቻ አይበቃም፤ ቴሌግራም ለታረመ መልእክት የማሳወቂያ ድምፅ ስለማያሰማ ለውጡ ሳይታወቅ ያልፋል። መልሳችሁንም እዚያው ገጽ ላይ፣ በምስል ሳይሆን በጽሑፍ እንድትሰጡን እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
በስክሪን ሪደር የምንጠቀም የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ተሳፋሪዎች