«40 በመቶ ቅናሽ» ብላችሁ በትርፍ ያስከፈላችሁኝን 5,250 ብር ስለመመለስ

ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለድርጅቱ የሽያጭ ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ታኅሣሥ 26፣ እሁድ ከሰዓት፣ ከሱቃችሁ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ የገዛሁ ደንበኛችሁ ነኝ። ፍሪጁ ደህና ነው፤ ያቀዘቅዛል። ቅሬታዬ በማስታወቂያችሁ ላይ ነው።

በቴሌግራም ቻናላችሁ የለጠፋችሁት እንዲህ ይላል፦ «ታላቅ የገና ቅናሽ! ከ75,000 ወደ 45,000 ብር! እስከ እሁድ ማታ ብቻ! 3 ፍሬ ብቻ ቀርቷል!» እኔም ከቤተሰብ ጋር ምሳ እየበላሁ ጥዬ ተነሣሁ።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንየው። ታኅሣሥ 4 ቀን ለዚሁ ፍሪጅ ከእናንተው ፕሮፎርማ ወስጄ ነበር። ማኅተማችሁ አለበት። ዋጋው ቫትን ጨምሮ 46,500 ብር ነው። ታዲያ 75,000 ከየት መጣ? በሦስት ሳምንት ውስጥ በዚያ ዋጋ የገዛችሁ ሰው ካለ ደረሰኙን አሳዩኝና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እሺ፣ ቢያንስ 1,500 ብር ቀንሷል ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ካሸሯ ጋ ስደርስ ግን 45,000ው ቫትን እንደማይጨምር ተነገረኝ። ማስታወቂያው ላይ አንዲት ቃል የለም። 15 በመቶው 6,750 ብር ነው፤ ድምሩ 51,750 ሆነ። በቅናሹ ጊዜ የገዛሁት፣ ቅናሽ ባልነበረበት ጊዜ ከጠየቃችሁኝ 5,250 ብር ጨምሬ ነው ማለት ነው።

ለምን ከፈልክ ትሉኝ ይሆናል። ትቼ ልወጣ ስል የሽያጭ ሠራተኛችሁ «ጋሼ፣ ነገ ቢመጡ አያገኙትም፤ ከሦስቱ አንዱ አሁን ተሸጠ» አለችኝ። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ የታዘዘችውን ነው የተናገረችው። ፍሪጁን ለመጫን ወደ መጋዘናችሁ ስሄድ ግን ያው ሞዴል እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ልጆቹ ገመድ እስኪያስሩ ድረስ ቆጠርኩ፤ የታየኝ ብቻ 11 ካርቶን ነው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ቻናላችሁ ላይ «በደንበኞች ጥያቄ እስከ ጥምቀት ተራዘመ! 3 ፍሬ ብቻ ቀርቷል!» የሚል ወጣ። እሁድም ሦስት፣ ሰኞም ሦስት። የሁለቱም ስክሪንሹት አለኝ።

እኔም ነጋዴ ነኝ፤ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። ዕቃ ሲከርም ገንዘብ እንደሚያስር አውቃለሁ። ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ዩኒፎርም ሲተርፈኝ «ቁጥር 6 እና 8 ብቻ ነው ያለኝ» ብዬ እጽፋለሁ። ቁጥር 10 የሚፈልግ በከንቱ አይመጣም። የሚመጣውም ጥድፊያው እውነት መሆኑን መደርደሪያውን አይቶ ያውቃል።

ጀርመን ያለችው እህቴ ይህን ስነግራት ሳቀች። በአውሮፓ ኅብረት ከ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ፣ ነጋዴ «ከዚህ ወደዚህ ቀነሰ» ሲል የቀድሞው ዋጋ በጥቅሉ ከቅናሹ በፊት በነበሩት 30 ቀናት የሸጠበት ዝቅተኛው መሆን አለበት። በዚህ ብንሄድ የእናንተ «ከ» 75,000 ሳይሆን ቢበዛ 46,500 ነበር። እኛም አገር ቢሆን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

ማስታወቂያው እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት፦ «ይህ ፍሪጅ እስካሁን 46,500 ብር ነበር። እስከ ጥምቀት ዋዜማ 45,000 ብር። ሁለቱም ዋጋ ቫትን ይጨምራል። ማጓጓዣ በገዢው ነው። መጋዘን ውስጥ 11 ፍሬ አለን፤ ቀድሞ ካለቀ ማስታወቂያውን እናነሣለን።» ቅናሹ 3 በመቶ ገደማ ነው፣ ማን ይመጣል ትሉ ይሆናል። እኔ እመጣ ነበር። 1,500 ብር ለጫኝና ለአይሱዙ ትበቃኛለች። ምሳዬንም ጨርሼ እመጣ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በፕሮፎርማችሁ ዋጋና በከፈልኩት መካከል ያለው 5,250 ብር ይመለስልኝ። ሁለተኛ፣ እስከ ጥምቀት ቻናሉ ላይ የሚቆየው ማስታወቂያ ይታረም፤ 75,000ው ይውጣ፣ ቫቱ ይግባ፣ የቀረው ዕቃ ብዛት እንዳለ ይጻፍ። ዝም ብሎ ማጥፋት አይበቃም፤ ያየው ሰው እርማቱንም ማየት አለበት።

የፕሮፎርማውን፣ የደረሰኙንና የስክሪንሹቶቹን ኮፒ አያይዣለሁ። እስከ ጥር 8 መልስ ካላገኘሁ እነዚሁኑ ይዤ ወደ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ